የካርታ ወሰን መስመርን ማቅለል፦ የትኛው ዘዴ ለየትኛው ሥራ?

የአንድን ወረዳ ወሰን ወይም የአንድን ሐይቅ ዳር ከሳተላይት ምስል ላይ በጥንቃቄ የሚቀዳ ሰው በየጥቂት ሜትሩ ነጥብ ይተክላል። ሥራው ሲያልቅ በወሎ የሚገኘው የተሁለደሬ ወረዳ ወሰን ብቻውን በሺዎች የሚቆጠሩ ነጥቦችን ሊይዝ ይችላል። ትልቅ ሉህ ላይ ለሚታተም ካርታ ይህ ጥሩ ነው። ያው ፋይል ኔትወርክ በሚቆራረጥበት የገጠር ቀበሌ በስልክ ሲከፈት ግን ካርታው እስኪታይ ሰው ይሰለቻል፤ የሞባይል ዳታውም ይበላል። ስለዚህ ነጥቦቹን መቀነስ ግድ ይሆናል። የቅርጽ ማቅለያውን መሣሪያ ስንከፍት ግን ሁለት ሦስት የዘዴ ስሞችና «ቶለራንስ» የሚል አንድ ባዶ ሳጥን እናገኛለን። ከዚያ በኋላ የሚበላሸው ነገር አብዛኛውን ጊዜ የሚመነጨው ከእነዚህ ሁለት ምርጫዎች ነው።

ከዚህ በታች የሚነጻጸሩት ዘዴዎች ሁሉ በነጻ ሶፍትዌር ይገኛሉ፤ ኪውጂአይኤስ፣ ፖስትጂአይኤስ፣ ግራስና ማፕሼፐር ይበቃሉ። ስለዚህ ምርጫው የገንዘብ አይደለም። የሚለየው ኮምፒውተሩ ያለው ሜሞሪና ካርታው ሊዋሽበት የማይገባው ነገር ነው።

መመዘኛዎቹ

ዘዴዎቹን ከማየታችን በፊት አራት ጥያቄዎች መልስ ማግኘት አለባቸው። የመጀመሪያው፣ ነጥብ ሲጣል የቱ ይዳን? ወደ ውጭ የወጣው ጫፍ ነው ወይስ የቅርጹ ስፋት? ሁለተኛው፣ በቶለራንስ ሳጥኑ ውስጥ የምንጽፈው ቁጥር ሜትር ነው፣ ካሬ ሜትር ነው ወይስ ዲግሪ? ሦስተኛው፣ መስመሩ ጎረቤት አለው ወይ? የሐይቅ ዳር ብቻውን የቆመ ነው፤ የተሁለደሬና የአምባሰል ወሰን ግን የሁለቱም ነው። አራተኛው፣ ከቀለለ በኋላ ካርታው የሚታይ ብቻ ነው ወይስ የሚለካበትም?

አራተኛው ጥያቄ ቀላል ይመስላል፤ ሰው በብዛት የሚዘነጋው ግን እሱን ነው። ከቀለለ ካርታ ላይ የመሬት ስፋት ወይም የመንገድ ርዝመት መለካት ስህተት ነው። ልኬቱ ሁልጊዜ ከመነሻው ፋይል ተወስዶ በቁጥር ይያዝ፤ የቀለለው ቅጂ ለዓይን ብቻ ያገልግል።

ቶለራንሱን ከየት እናመጣዋለን?

ቶለራንስ ማለት መስመሩ ከመነሻ ቦታው እንዲዛነፍ የምንፈቅድለት ልክ ነው። በግምት ሳይሆን ከካርታው ስኬል ይሰላል። በወረቀት ላይ ከ0.25 ሚሊ ሜትር በታች የሆነ መዛነፍ በመስመሩ ውፍረት ውስጥ ይዋጣል። በ1፡50,000 ካርታ 0.25 ሚሊ ሜትር መሬት ላይ 12.5 ሜትር ነው፤ በ1፡250,000 ደግሞ 62.5 ሜትር ይሆናል።

ለስክሪን ካርታ ስሌቱ በፒክስል ነው። በተለመደው የድረ ገጽ ካርታ፣ በወሎ ኬክሮስ፣ ዙም 10 ላይ አንድ ፒክስል 150 ሜትር ገደማ ይሸፍናል። ዙም 12 ላይ ወደ 37 ሜትር፣ ዙም 14 ላይ ወደ 9 ሜትር ይወርዳል። የፒክስሉን ግማሽ ቶለራንስ ብናደርገው ተመልካቹ ልዩነቱን አያየውም። ካርታው እስከ ዙም 12 ድረስ ብቻ የሚከፈት ከሆነ 18 ሜትር ይበቃል ማለት ነው። ከዚያ ያነሰ ቶለራንስ ማንም የማያየውን ነጥብ መሸከም ነው።

እዚህ ላይ አንድ በጣም የተለመደ አደጋ አለ። ፋይሉ በኬክሮስና ኬንትሮስ (`EPSG:4326`) ከሆነ፣ ኪውጂአይኤስ የሚቀበለው ቁጥር በዲግሪ ነው። መሣሪያው ሲከፈት በሳጥኑ ውስጥ የሚያቀርበው 1 ሲሆን፣ 1 ዲግሪ በወሎ 110 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ቁጥሩን ሳይነኩ ማስኬድ ወረዳውን ሁሉ ወደ ሦስት ማዕዘን ይቀይረዋል ወይም ጨርሶ ያጠፋዋል። አንዳንዱ ይህን ሲያይ ፋይሉ የተበላሸ ይመስለዋል፤ የተበላሸው ግን መለኪያው ነው። መፍትሔው ፋይሉን አስቀድሞ በሜትር ወደሚለካው የዩቲኤም ዞን 37 ሥርዓት፣ ወደ `EPSG:32637` መለወጥ ነው። ደሴ፣ ወልድያና ላሊበላ ሁሉም የሚወድቁት በዚሁ ዞን 37 ውስጥ ነው፤ ከዚያ በኋላ የምንጽፈው 18 በእርግጥ 18 ሜትር ይሆናል።

ስምንት ነጥብ፣ ሦስት ዘዴ

ዘዴዎቹን ለማነጻጸር አንድ ትንሽ መስመር እንውሰድ። ከሐይቅ ከተማ አጠገብ ያለው ሎጎ ሐይቅ ጥሩ መነሻ ነው፤ የሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም የሚገኘው ወደ ውሃው እንደ ምላስ በገባ መሬት፣ በልሳነ ምድር ላይ ነውና። ከታች ያሉት ቁጥሮች ከቦታው የተለኩ አይደሉም። ስሌቱ በእጅ እንዲሠራ ሆን ተብለው የተመረጡ ናቸው፤ ቅርጹ ግን ያው ነው፦ ጥቂት የሚወዛወዝ ዳርቻ፣ መሐል ላይ ወደ ውሃው የወጣ ቀጭን መሬት።

ነጥቦቹ በሜትር እነዚህ ናቸው፦ ሀ (0, 0)፣ ለ (100, 8)፣ ሐ (200, −6)፣ መ (300, 5)፣ ሠ (320, 90)፣ ረ (340, 4)፣ ሰ (440, −7)፣ ሸ (540, 0)። ሠ የልሳነ ምድሩ ጫፍ ነው፤ መ እና ረ ግራና ቀኝ ሥሩ ናቸው። ለ፣ ሐ እና ሰ የዳርቻው ትንንሽ መወዛወዝ ናቸው። ጥሩ ዘዴ እነዚህን ሦስቱን ጥሎ ልሳነ ምድሩን ማስቀረት ይጠበቅበታል።

*በነጥቦች መካከል ያለውን ርቀት ብቻ የሚያይ።* ይህ ዘዴ ከሁሉም ቀላሉ ነው። ካለፈው ከቀረው ነጥብ ከቶለራንሱ ባነሰ ርቀት ላይ ያለውን ነጥብ ይጥላል። ቶለራንሱን 90 ሜትር እናድርግ። ከሀ እስከ ለ 100 ሜትር ስለሆነ ለ ይቀራል። ሐ እና መም እያንዳንዳቸው ካለፈው ከ100 ሜትር ትንሽ በላይ ስለሚርቁ ይቀራሉ። ከመ እስከ ሠ ግን 87 ሜትር ነው፤ ስለዚህ ሠ ይጣላል። ረም ከመ በ40 ሜትር ላይ ስላለ ይጣላል። የቀሩት ሀ፣ ለ፣ ሐ፣ መ፣ ሰ እና ሸ ናቸው። ልሳነ ምድሩ ጠፋ፣ ዋጋ የሌለው መወዛወዝ ዳነ።

ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ ዘዴው ነጥቡ የት እንደቆመ አይመለከትም፤ የሚመለከተው ነጥቦቹ ምን ያህል እንደተጠጋጉ ብቻ ነው። ይህን ዘዴ ለወሰን ካርታ አንመክርም። ቦታው አንድ ብቻ ነው፤ ጂፒኤስ የያዘ ሰው ቆሞ ሳለ በአንድ ስፍራ የተከመሩ ነጥቦችን ለማጥራት፣ ከ1 እስከ 3 ሜትር በሆነ ቶለራንስ፣ እንደ ቅድመ ጽዳት።

*ዳግላስ-ፖይከር።* ይህን ዘዴ ዳግላስና ፖይከር በ1973 ካናዳ ውስጥ አሳተሙት፤ ራመር በ1972 ተመሳሳዩን አሳትሞ ስለነበር በሦስቱም ስም የሚጠራበት ጊዜ አለ። አሠራሩ የመስመሩን ሁለት ጫፎች በቀጥታ ማያያዝና ከዚያ ቀጥታ መስመር በጣም የራቀውን ነጥብ መፈለግ ነው። ርቀቱ ከቶለራንሱ ከበለጠ ነጥቡ ይቀራል፤ መስመሩም በእሱ ላይ ለሁለት ተከፍሎ በየክፍሉ ያው ይደገማል። ካልበለጠ በመሐል ያሉት ሁሉ ይጣላሉ።

ቶለራንሱ 10 ሜትር ይሁን። ከሀ እስከ ሸ ያለው ቀጥታ ዜሮ ላይ የተኛ ስለሆነ የራቀው ሠ ነው፣ 90 ሜትር። ይቀራል። በግራ፣ ከሀ–ሠ መስመር በጣም የራቀው መ ነው፣ 76.4 ሜትር። እሱም ይቀራል። አሁን ከሀ–መ መስመር ለ በ6.3፣ ሐ በ9.3 ሜትር ይርቃሉ፤ ሁለቱም ከ10 በታች ስለሆኑ ይጣላሉ። በቀኝ ረ ከሠ–ሸ መስመር 72 ሜትር ይርቃልና ይቀራል፤ ሰ ከረ–ሸ መስመር 9 ሜትር ስለሆነ ይወድቃል። ውጤቱ ሀ፣ መ፣ ሠ፣ ረ፣ ሸ ነው። ከስምንቱ አምስት ቀሩ፤ የቀሩትም የሚገባቸው ናቸው።

ቶለራንሱን ወደ 80 ሜትር ስናሳድገው ግን የዘዴው ጠባይ ይገለጣል። ሠ በ90 ሜትሩ አሁንም ይቀራል። መ በ76.4፣ ረ በ72 ሜትራቸው ይጣላሉ። የቀሩት ሀ፣ ሠ፣ ሸ ብቻ ናቸው። ቀጭኑ ልሳነ ምድር ሥሩን አጥቶ ጫፉ ብቻ ስለቀረ፣ 540 ሜትር መሠረት ያለው ሰፊ ሦስት ማዕዘን ሆነ። የልሳነ ምድሩ የራሱ ስፋት 1,710 ካሬ ሜትር ነበር፤ አዲሱ ሦስት ማዕዘን 24,300 ካሬ ሜትር ነው። ከውሃው ላይ ከሁለት ሄክታር በላይ መሬት ተወለደ። በካርታ ላይ ይህን የሚያሳብቀው የሾሉ፣ የመጋዝ ጥርስ የሚመስሉ ማዕዘኖች መብዛት ነው። ዳግላስ-ፖይከር በትልቅ ቶለራንስ ጫፉን ይይዛል፣ አካሉን ያጋንናል።

*ቪስቫሊንጋም።* በ1993 ቪስቫሊንጋምና ዋያት ያቀረቡት ዘዴ ርቀትን ትቶ ስፋትን ይመዝናል። እያንዳንዱ ነጥብ ከግራና ከቀኝ ጎረቤቱ ጋር ሦስት ማዕዘን ይሠራል። የዚያ ሦስት ማዕዘን ስፋት የነጥቡ ክብደት ነው። ቀላሉ ይጣላል፣ የጎረቤቶቹ ክብደት እንደገና ይሰላል፣ እንደገና ቀላሉ ይጣላል።

በእኛ መስመር የመነሻው ክብደት በካሬ ሜትር ለ 1,100፣ ሐ 1,250፣ መ 4,140፣ ሠ 1,710፣ ረ 4,190፣ ሰ 900 ነው። መጀመሪያ ሰ ይወድቃል፤ ረ ወደ 8,560 ይከብዳል። ቀጥሎ ለ ይወድቃል፣ ሐ ወደ 1,400 ይለወጣል። እሱም ከሠ 1,710 ስለሚያንስ ይወድቃል። ገደቡ 1,500 ካሬ ሜትር ከሆነ እዚህ ላይ ይቆማል፤ የቀሩት ሀ፣ መ፣ ሠ፣ ረ፣ ሸ፣ ልክ ዳግላስ-ፖይከር በ10 ሜትር እንዳስቀራቸው ናቸው።

ገደቡን ወደ 2,000 እናሳድግ። አሁን ሠ ተረኛ ነው። እሱ ሲወድቅ የመ እና የረ ክብደት አብሮ ይፈርሳል። 12,700 ደርሶ የነበረው መ ወደ 250፣ 8,560 የነበረው ረ ወደ 20 ይወርዳሉ፤ ክብደታቸው ሁሉ የመጣው ከጫፉ ነበርና። ረ ይወድቃል፣ መ በ1,350 ይከተለዋል። ሀ–ሸ ቀጥታ መስመር ብቻ ቀረ። ገዳሙ የቆመበት መሬት ያለ ምንም ምልክት በውሃ ተዋጠ።

እንግዲህ ሁለቱ ዘዴዎች በተቃራኒ አቅጣጫ ነው የሚሳሳቱት። አንዱ ቀጭን ነገርን ያደልባል፣ ሌላው ይውጠዋል። ይህን ያወቀ ሰው ምርጫው ግማሹ አልቆለታል። ወደ ሜዳ ወርዶ የሚጠማዘዝ ወንዝን፣ ለምሳሌ ከኮምቦልቻ በታች ያለውን ቦርከናን፣ በትንሽ ስኬል ለመሳል ቪስቫሊንጋም የተሻለ ነው፤ ትንንሹን መታጠፍ አጥፍቶ ትልቁን ይተዋል፣ መስመሩም ለዓይን የለሰለሰ ይሆናል። ቀጭን ሆኖ ስም ያለው ነገር ሲኖር ግን፣ እንደ እስጢፋኖሱ ልሳነ ምድር ወይም እንደ ጠባብ የወረዳ ጥግ፣ በእሱ መተማመን አይገባም። ማፕሼፐር ሳንነካው የሚጠቀምበት የቪስቫሊንጋም ዓይነት ደግሞ ለሾሉ ማዕዘኖች ክብደት ስለሚቀንስ ቀጭን ጫፍን ይበልጥ ቀድሞ ይጥላል።

የቁጥሩ አሃድ ደግሞ ምርመራ ይፈልጋል። በፖስትጂአይኤስ `ST_Simplify` ሜትር ሲቀበል `ST_SimplifyVW` የሚቀበለው ካሬ ሜትር ነው። በሜትር የለመደ ሰው በእኛ መስመር ላይ 10 ብሎ ቢጽፍ ምንም ነጥብ አይወድቅም፤ ዘዴው አይሠራም ብሎ ይተወዋል። የማናውቀው መሣሪያ ሲያጋጥመን እነዚሁን ስምንት ነጥቦች ማስገባትና ውጤቱን ከላይ ካለው ስሌት ጋር ማስተያየት ነው፦

```sql
SELECT ST_AsText(ST_Simplify(g, 10)),
       ST_AsText(ST_SimplifyVW(g, 1500))
FROM (SELECT 'LINESTRING(0 0,100 8,200 -6,300 5,
  320 90,340 4,440 -7,540 0)'::geometry AS g) t;
```

ሁለቱም አንድ ዓይነት አምስት ነጥብ ይመልሳሉ። 10 በ80፣ 1500 በ2000 ሲተካ የመጀመሪያው ሦስት፣ ሁለተኛው ሁለት ነጥብ ይመልሳል።

ጎረቤት ያለው መስመር

ተሁለደሬና አምባሰል የሚዋሰኑበትን መስመር እናስብ። በፋይሉ ውስጥ ይህ መስመር ሁለት ጊዜ ተጽፏል፤ አንዴ በተሁለደሬ ዙሪያ፣ አንዴ በአምባሰል ዙሪያ። የተለመደው ማቅለያ እያንዳንዱን ወረዳ ለብቻው ይወስዳል። ዳግላስ-ፖይከር የመጀመሪያውን ቀጥታ የሚስበው ዙሪያው ከሚጀምርበት ነጥብ ሲሆን፣ የሁለቱ ወረዳዎች መነሻ ነጥብ አንድ አይደለም። ስለዚህ በዚያው የጋራ መስመር ላይ ለአንዱ የቀረው ነጥብ ለሌላው ይጣላል። በመሐላቸው ቦታ ቦታ የማንም ያልሆነ ክፍተት፣ ቦታ ቦታ ደግሞ የሁለቱም የሆነ መደራረብ ይፈጠራል። ቶለራንሱ 40 ሜትር ከሆነ እያንዳንዱ መስመር በ40 ሊዛነፍ ስለሚችል ክፍተቱ እስከ 80 ሜትር ይደርሳል።

ቪስቫሊንጋም በአንድ ዓይነት የስፋት ገደብ ቢሠራ ጉዳቱ ያንሳል፤ የነጥቡን ክብደት የሚወስኑት የቅርብ ጎረቤቶቹ ናቸውና። ሦስት ወረዳዎች በሚገናኙበት ነጥብ ግን እሱም ይስታል። ያ ነጥብ ለአንዱ ወረዳ ማዕዘን፣ ለሌላው ደግሞ ቀጥ ባለ መስመር ላይ ያለ ተራ ነጥብ ሊሆን ስለሚችል፣ አንዱ ያስቀረዋል ሌላው ይጥለዋል። በመቶኛ (ለምሳሌ «10 በመቶ ነጥብ ይቅር» ብሎ) ለየብቻቸው ማቅለል ደግሞ ለእያንዳንዱ ወረዳ የተለየ ገደብ መስጠት ስለሆነ ከሁሉም የከፋ ነው።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚሳሳትበት ስም አለ። `ST_SimplifyPreserveTopology` የሚለውን ያነበበ የጋራ ወሰን የሚጠብቅ ይመስለዋል። የሚጠብቀው የእያንዳንዱን ቅርጽ ጤንነት ብቻ ነው፤ ወረዳው በራሱ ላይ እንዳይጠላለፍ ያደርጋል፣ ጎረቤቱን ግን አያውቀውም።

ትክክለኛው መንገድ ወሰኖቹን በመገናኛ ነጥቦቻቸው ላይ ቆራርጦ፣ እያንዳንዱን ቁራጭ አንድ ጊዜ ብቻ አቅልሎ፣ ወረዳዎቹን እንደገና መገጣጠም ነው። ማፕሼፐር ይህን በራሱ ይሠራል። በፖስትጂአይኤስ ከ3.4 ጀምሮ `ST_CoverageSimplify` አለ፤ በግራስ ደግሞ `v.generalize`። ይህ በራሱ አራተኛ የስሌት ዘዴ አይደለም፤ ውስጡ ከላይ እንዳየናቸው ያለ ስሌት ነው ያለው። ለጋራ ወሰን ግን የትኛው ስሌት መሆኑ ሁለተኛ ጉዳይ ነው፤ አንዴ ብቻ መቅለሉ ይቀድማል።

አንድ ቅድመ ሁኔታ አለው። የሁለቱ ወረዳዎች የጋራ ነጥቦች በቁጥር ደረጃ አንድ መሆን አለባቸው። ሁለት ሰዎች ለየብቻ ቀድተውት በአንድ ሜትር እንኳ ቢለያይ፣ ሶፍትዌሩ ሁለት የተለያዩ ወሰኖች አድርጎ ይቆጥረውና ክፍተቱ ይመለሳል። ስለዚህ መጀመሪያ ወሰኑን ማጣበቅ፣ ቀጥሎ ማቅለል።

በአንድ እይታ

| መመዘኛ | ርቀት ብቻ | ዳግላስ-ፖይከር | ቪስቫሊንጋም | የጋራ ወሰን አያያዝ |
|---|---|---|---|---|
| የሚያድነው | የነጥቦችን መራራቅ | የራቀውን ጫፍ | የቅርጹን ስፋት | የጎረቤታሞችን መግጠም |
| የገደቡ አሃድ | ሜትር | ሜትር | ካሬ ሜትር፣ እንደ መሣሪያው | እንደ መሣሪያው |
| በትልቅ ገደብ ሲሳሳት | ጫፍ ይቆርጣል | ያሾላል፣ ያደልባል | ቀጭኑን ይውጣል | እንደ ውስጡ ስሌት |
| የጋራ ወሰን | ይከፍታል | ይከፍታል | በመገናኛ ነጥብ ይከፍታል | ይጠብቃል |
| የሚመቸው | ለጂፒኤስ ጽዳት | ለትልቅ ስኬል፣ ለሐይቅ ዳር | ለወንዝ፣ ለትንሽ ስኬል | ለወረዳና ለቀበሌ |

ለማን የቱ?

የወረዳ ወይም የቀበሌ ወሰን በስልክ ለሚያሳይ፣ ደካማ ላፕቶፕ ላለውም ቢሆን፣ ማፕሼፐር የመጀመሪያ ምርጫ ነው። በብሮውዘር ውስጥ ይሠራል፣ መጫን አያስፈልገውም፣ ፋይሉም ወደ ሌላ ቦታ ሳይላክ በራስ ኮምፒውተር ላይ ይሰላል። በትዕዛዝ ለሚሠራ ሰው ደግሞ ይህ ይበቃል፦

```
mapshaper wereda.shp -simplify dp interval=18 keep-shapes \
  -proj wgs84 -o wereda_18.json format=geojson precision=0.00001
```

`keep-shapes` ትንንሽ ቀበሌዎች ሙሉ በሙሉ እንዳይጠፉ ይከላከላል። `precision` ደግሞ የቁጥሮቹን ጭራ ይቆርጣል፤ አምስት የዲግሪ አስርዮሽ ወደ 1 ሜትር ስለሚደርስ ከዚያ በላይ መሸከም ለስልክ ካርታ ከንቱ ነው። የዳታ ወጪ የሚያሳስበው ሰው ነጥብ ከመጣሉ እኩል ይህን ያስብበት።

የአንድ ሐይቅ ወይም የከተማ ዙሪያን በ1፡50,000 ለሚያትም በኪውጂአይኤስ ዳግላስ-ፖይከር በ12 ሜትር ይበቃል። ዙሪያው የሚጀምርበት ነጥብ እንደ ሶፍትዌሩ ስሪት በሁሉም ቶለራንስ ሳይጣል ሊቀር እንደሚችል ልብ ይበል፤ በለስላሳ ዳር ላይ አንድ ያልታሰበ ማዕዘን ካየ ምክንያቱ እሱ ሊሆን ይችላል።

መንገድ ላይ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ በሐረጎ የሚወርደው ጠመዝማዛ ሁለት እጥፉ ተቀራርቦ ስለሚሄድ፣ ቶለራንሱ ከእጥፎቹ ርቀት ግማሽ በላይ ሲሆን መስመሮቹ ሊቆራረጡ ይችላሉ። ትንሽ ቶለራንስ ያለው ዳግላስ-ፖይከር ይሁን፤ ኪሎ ሜትሩ ግን ከመነሻው መስመር ይወሰድ፤ ማቅለል መንገድን ያሳጥራል እንጂ አያስረዝምም።

ኮንቱር የሚያቀልል ሰው ከሁሉም በላይ ይጠንቀቅ። በአምባሰል ገደል ዓይነት 60 ዲግሪ ቁልቁለት ላይ 20 ሜትር ልዩነት ያላቸው ሁለት ኮንቱሮች አግድም የሚራራቁት 11.5 ሜትር ብቻ ነው። በ10 ሜትር ቶለራንስ ሁለቱም ወደ ተቃራኒ ቢዛነፉ ይሻገራሉ፤ የሚሻገር ኮንቱር ደግሞ በተፈጥሮ የለም። እዚያ ቶለራንሱ ከ5 ሜትር አይብለጥ፤ ካርታው ትንሽ ስኬል ከሆነ ኮንቱርን ከማቅለል ይልቅ የከፍታ ልዩነቱን ወደ 100 ሜትር ማስፋት ይሻላል።

ከቀለለ በኋላ የሚታየው

በኪውጂአይኤስ `num_points($geometry)` የነጥቡን ቁጥር፣ `$area` ስፋቱን ይሰጣል። ሁለቱንም ከመነሻው ጋር ማስተያየት ነው። ስፋቱ ከ1 በመቶ በላይ ከተለወጠ ገደቡ በዝቷል ማለት ነው። ሎጎ ሐይቅ 23 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ ስለሆነ 1 በመቶው 23 ሄክታር ነው፤ በገበሬው አቆጣጠር ወደ 90 ጥማድ። ቀጥሎ `Check validity` ይሂድ፤ መስመሩ በራሱ ላይ የተጠላለፈበትን ቦታ ያሳያል። በመጨረሻ የቀለለውን በቀይ፣ መነሻውን በጥቁር አድርጎ መደራረብና ስም ያላቸውን ቀጫጭን ቦታዎች አንድ በአንድ ማየት ነው። እዚያ ላይ የጠፋ ካለ ለዚያ ቅርጽ ብቻ ገደቡን ማሳነስ ወይም ነጥቡን በእጅ መመለስ ይቻላል።

የቀለለውን ፋይል እንደገና አለማቅለል ይሻላል። በ10 ሜትር የቀለለውን በ40 ሜትር ቢደግሙት መዛነፉ እስከ 50 ሜትር ይደርሳል፤ ፋይሉን የሚያየው ሰው ግን 40 ብቻ ብሎ ያስባል። ለእያንዳንዱ ስኬል ከመነሻው ፋይል አዲስ ቅጂ ይውጣ፣ የፋይሉ ስም ላይም ቶለራንሱ ይጻፍ። ከላይ ባለው ትዕዛዝ ላይ `wereda_18` የተባለው ለዚሁ ነው።